ሦስት ማሸጊያ፣ አንድ መድኃኒት

በብዙዎቻችን ቤት መድኃኒት የሚጠራቀምበት የታወቀ ቦታ አለ። አንዱ ቤት የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ ሌላው ቤት የቁም ሳጥን ላይኛው መደርደሪያ፤ ሌላው ዘንድ ደግሞ ከበር ጀርባ የተንጠለጠለ ፌስታል። ውስጡ ሲፈተሽ ግማሹ ከሰፈር መድኃኒት ቤት የተገዛ ነው። የቀረው ከጅዳ ወይም ከዱባይ የመጣች እህት ከሻንጣዋ ያወጣችው፣ አሜሪካ ያለ ልጅ «ለጉንፋን ጥሩ ነው» ብሎ በሰው የላከው ነው። ከቤተሰቡ አንዱ ሲያስነጥሰው እጅ የሚዘረጋው ወደዚያ ነው።

በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ መቆም ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ክረምት ሲገባ በየቀኑ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው። «ጉንፋን ይዞኛል፤ ፓራሲታሞል ይሻለኛል፣ አይቡፕሮፌን ወይስ የጉንፋን ክኒን?» እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነው። «ከትናንት ጀምሮ ምን ምን ወስደሃል?» ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ አይወደውም። ሊገዛ የመጣውን ገዝቶ መሄድ ነው የሚፈልገው። ትክክለኛው ምርጫ ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጥያቄው ሦስቱን እንደ ሦስት የተለያዩ መድኃኒቶች ይቆጥራል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በእርግጥ የተለያዩ ናቸው። የጉንፋን ክኒን የሚባለው ግን ለብቻው የቆመ መድኃኒት ሳይሆን ቅልቅል ነው። በአብዛኛው ውስጡ ሦስት ነገር ይገኛል። ለትኩሳትና ለራስ ምታት ፓራሲታሞል፣ የታፈነ አፍንጫ ለመክፈት ፌኒሌፍሪን ወይም ሱዶኤፌድሪን፣ ንፍጥና ማስነጠስ ለመቀነስ ደግሞ ክሎርፌኒራሚን። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘው ይህ የመጨረሻው ነው። አንዳንዱ ላይ ካፌይን ይጨመራል፤ ሳል ለመቀነስ ዴክስትሮሜቶርፋን የሚጨመርበትም አለ። ስለዚህ የጉንፋን ክኒን የዋጠ ሰው፣ ባያውቀውም፣ ፓራሲታሞል ውጧል ማለት ነው። ከላዩ ላይ ፓራሲታሞል ሲጨምርበት አንዱን መድኃኒት ደገመው።

ይህን የሚያባብሰው የስሞች ብዛት ነው። እኛ አገር ፓራሲታሞል የምንለው በአሜሪካ አሴታሚኖፌን ይባላል። ሁለቱም ስሞች የወጡት ከአንድ ረጅም የኬሚስትሪ ስም ነው፤ አንዱ አገር ከመሐሉ ቆርጦ ወሰደ፣ ሌላው ከዳርና ከዳሩ ለቃቅሞ ሠራው። መድኃኒቱ ግን በምንም አይለይም። ከአሜሪካ የሚመጣው ታይለኖል፣ ከዓረብ አገር የሚመጣው ፓናዶል፣ እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን የሚያውቁት አካሞል፣ ሁሉም ይኸው ፓራሲታሞል ናቸው። ታይለኖልና ፓናዶል ራሳቸው ደግሞ ብዙ ዓይነት አላቸው። ብቻውን የሆነ አለ፣ የጉንፋን ቅልቅል የሆነ አለ፣ የእንቅልፍ መድኃኒት የተጨመረበትም አለ። ስለዚህ በሳጥኑ ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው ስም ውስጡ ምን እንዳለ አይነግረንም። የሚነግረን ከጎን ወይም ከጀርባ በትንንሽ ፊደል የሰፈረው የንጥረ ነገር ዝርዝር ነው። እዚያ ላይ በእንግሊዝኛው «ፒ» የሚጀምረውን ፓራሲታሞልን ወይም በ«ኤ» የሚጀምረውን አሴታሚኖፌንን መፈለግ ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር በአንድ ክኒን ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ ይናገራል።

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ማታ ላይ ደወለችልኝ። «እማዬን ጉንፋኑ አልለቀቃትም፤ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ምግብም እምቢ ብላለች። ጠንከር ያለ መድኃኒት ካለ ንገሪኝ» አለችኝ። አክስቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፣ 48 ኪሎ ትመዝናለች፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። «ጠንከር ካለው በፊት፣ እስካሁን የወሰደችውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጪና አንብቢልኝ» አልኳት።

ሦስት ማሸጊያ ወጣ። የመጀመሪያው እኛው አገር የተገዛ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ነው። አክስቴ ለራስ ምታቱ ብላ ጠዋት ሁለት፣ ቀን ሁለት፣ ማታ ሁለት ወስዳለች። ስድስት ክኒን፣ 3000 ሚሊ ግራም። ሁለተኛው የጉንፋን ክኒን ነው። ጎኑ ሲነበብ በእያንዳንዱ ክኒን 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል አለ። በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ወስዳለች፤ 1500 ሚሊ ግራም። ሦስተኛው አሜሪካ ካለው ልጇ የመጣ፣ ማታ የሚወሰድ የጉንፋን መድኃኒት ነው። በአንዱ ፍሬ 325 ሚሊ ግራም አሴታሚኖፌን ተጽፎበታል። ሊነጋ ሲል ሳል እንዳያስነሳት ብላ ሁለት ውጣለች፤ 650 ሚሊ ግራም።

ሦስቱን ስንደምር 5150 ሚሊ ግራም ሆነ። ይህ በአንድ ቀን ነው። ጤነኛ የሆነ አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ማለፍ የሌለበት 4000 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህም ማለት ከባለ 500ው ስምንት ክኒን። ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ፣ ዕድሜው ለገፋና ምግብ ለተወ ሰው ደግሞ ከዚያ ዝቅ እንላለን። ለእንደ አክስቴ ያለ ሰው እኔ የምመክረው በአንድ ጊዜ አንድ ክኒን ብቻ፣ በቀንም ከአራት እንዳይበልጥ ነው፤ 2000 ሚሊ ግራም ማለት ነው። እሷ ከዚያ ሁለት እጥፍ ተኩል አልፋ ነበር።

ስልኩን ተቀብላ «ኧረ እኔ ከታዘዘው አንድም አላለፍኩም!» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ አንባቢ ልብ እንዲለው የምፈልገውም ይህንን ነው። የፓራሲታሞሉ ሳጥን በቀን እስከ ስምንት ይፈቅዳል፤ እሷ ስድስት ነው የወሰደችው። የጉንፋኑ ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ይላል፤ ሦስት ጊዜ ነው የወሰደችው። የማታው ሁለት ፍሬ ይላል፤ ሁለት ነው የወሰደችው። እያንዳንዱን ሳጥን ለየብቻው ብንጠይቀው «ልክ ናት» ይላል። ሳጥኖቹ ግን እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ የሚደምርላቸው ሰው ያስፈልጋል።

በዚያው ማታ ሦስቱንም ማሸጊያ በፌስታል ይዘው ሆስፒታል ሄዱ። ጉበቷን የሚያሳይ የደም ምርመራ ተደረገላት፤ በማግስቱም ተደገመ። ሁለቱም ደህና ሆነው ወጡ። «ምንም ሳያመኝ ለምን ሆስፒታል ትሰጂኛለሽ?» ብላ የተቆጣችኝ አክስቴ፣ አሁን ለጎረቤቶቿ የሳጥን ጎን የምታነብላቸው እሷ ሆናለች።

«ምንም ሳያመኝ» የሚለው አባባል ግን በዚህ ጉዳይ ላይ አይታመንም። ፓራሲታሞል በልኩ ሲወሰድ ካሉን የሕመም ማስታገሻዎች ሁሉ ለሆድና ለኩላሊት የሚራራው ነው። ጉበት አብዛኛውን ያለምንም ጉዳት አጣርቶ ያስወጣዋል። ጥቂቱ ብቻ ወደ መርዛማ ነገር ይለወጣል፤ ያንንም ጉበት በራሱ የተከማቸ መከላከያ ያመክነዋል። ክኒኑ ከልክ ሲያልፍ ግን ያ መከላከያ ያልቃል፤ መርዙም የጉበቱን ሕዋሳት ራሳቸውን ማጥቃት ይጀምራል። ለቀናት በቂ ምግብ ያልበላ፣ ከሰውነቱ የጎደለ ወይም አዘውትሮ ብዙ መጠጥ የሚጠጣ ሰው ክምችቱ አስቀድሞ የሳሳ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ምግብ እንደሚያስጠላው ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

አስቸጋሪው ነገር ጉበቱ ሲጎዳ ወዲያው የማይጮህ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ወይም ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና ላብ ይኖረዋል። ያንን ደግሞ ማንም ሰው በጉንፋኑ ያመካኘዋል። ከዚያ የተሻለው ሊመስል ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት በታች ሕመም ይመጣል፤ ቆይቶም የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ይሆናል፣ ሰውየውም ነገር ይምታታበታል። ማርከሻ መድኃኒት አለ። አንድ ሰው ብዙ ክኒን በአንድ ጊዜ ከዋጠ ማርከሻው በተሻለ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን ይጠቅማል። ስለዚህ ሕመም እስኪመጣ መጠበቅ የማርከሻውን ጥሩ ሰዓት ማሳለፍ ነው።

የአክስቴ ልጅ በማግስቱ ሌላ ጥያቄ ይዛ መጣች። «ፓራሲታሞሉ ከበዛባት በቃ አይቡፕሮፌን ልስጣት?» ብዙ ሰው የሚደርስበት ሐሳብ ነው። አይቡፕሮፌን ሌላ ቤተሰብ ነውና ፓራሲታሞሉን አይደግመውም። ለአንዳንድ ሕመም እንዲያውም ይበልጣል። ሕመሙ ከእብጠት ጋር ሲሆን፣ የተጠመዘዘ ቁርጭምጭሚት፣ የጥርስ ሕመም፣ የወር አበባ ቁርጠት ሲሆን፣ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ ጥሩ ምርጫ ነው። ባለ 200 ወይም ባለ 400 ሚሊ ግራሙን፣ ምግብ ከበሉ በኋላ፣ በስድስት ወይም በስምንት ሰዓት ልዩነት መውሰድ ይቻላል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን በቀን ከ1200 ሚሊ ግራም አይታለፍም።

ለአክስቴ ግን አይሆንም አልኳት፤ ምክንያቱ የደም ግፊት መድኃኒቶቿ ናቸው። እንደ ብዙ የአገራችን ሕመምተኞች ኤናላፕሪልና ሽንት የሚያሸና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች። በእነዚህ ሁለቱ ላይ አይቡፕሮፌን ሲጨመር፣ በተለይ ውሃ በደንብ ላልጠጣ አዛውንት፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንስና ኩላሊቱ በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ግፊቱንም ከፍ ያደርገዋል። የጨጓራ ቁስለት ያለበት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ አስፕሪን ሲወስድ አስም የሚነሳበትም ሰው አይቡፕሮፌን በራሱ ፈቃድ ባይጀምር ይሻላል። እርጉዝ ሴት በተለይ ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ ሐኪም ካላዘዘላት በስተቀር አትውሰደው።

የመደገም ነገር በዚህኛው ቤተሰብም አለ። አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና ናፕሮክሰን ወንድማማች ናቸው፤ ለሕመም የሚወሰደው አስፕሪንም እንዲሁ። ስማቸው ስለሚለያይ ሰው የተለያዩ ይመስሉታል። ክሊኒክ ሄዶ ለወገቡ የዲክሎፌናክ መርፌ የተወጋ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ አይቡፕሮፌን ይጨምራል። ሕመሙ በዚህ እጥፍ አይቀንስም፤ የጨጓራ መድማትና የኩላሊት ጉዳት ዕድል ግን ይጨምራል። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ያስመለሰው ነገር የተፈላ ቡና አተላ የመሰለ ሰው ጨጓራው እየደማ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይሂድ።

አንድ ነገር ልጨምር። ድሬዳዋ፣ አፋርና መሰል ቆላ አካባቢዎች ለሚኖሩ ወይም ከዚያ ለተመለሱ ሰዎች ነው። የደንጌ ትኩሳት በታየበት አካባቢ ከፍተኛ ትኩሳት ሲነሳ፣ ምንነቱ በምርመራ እስኪታወቅ ድረስ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና አስፕሪን አይወሰዱም፤ የመድማት አደጋን ይጨምራሉና። ለትኩሳቱ የሚመረጠው በልኩ የሚወሰድ ፓራሲታሞል ነው። ወባ ያለበት አካባቢም ትኩሳቱ በክኒን ስለወረደ ብቻ የደም ምርመራው አይቅር።

እንግዲህ የጉንፋን ክኒኑ ለማን ነው? ብዙ ሰው ጉንፋኑን የሚያሳጥርለት ይመስለዋል። አያሳጥርም፤ ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ በሰባት፣ በአሥር ቀን ውስጥ በራሱ ይሄዳል። ክኒኑ ምልክቱን ብቻ ያቀልላል፤ ያውም ሁሉንም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት አማካሪ ኮሚቴ በአፍ የሚወሰደው ፌኒሌፍሪን የታፈነ አፍንጫ በመክፈት ረገድ እንደማይሠራ ድምፅ ሰጥቷል። በደንብ የሚሠራው ሱዶኤፌድሪን ደግሞ የደም ግፊት ላለበት ሰው አይመችም። ክሎርፌኒራሚኑ አዛውንቶችን ያንገዳግዳል፤ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ የመውደቅ ምክንያት ይሆናል፤ ፕሮስቴት ላለባቸው አባቶችም ሽንት ሊያግድ ይችላል።

ስለዚህ እኔ ባንኮኒዬ ላይ ለሚመጣ ሰው የምለው ይህን ነው። ራስ ምታትና ትኩሳት ብቻ ከሆነ፣ ቅልቅሉን ተውና ፓራሲታሞል ብቻውን ውሰድ። ስንት እንደወሰድክ ለመቁጠርም ይቀልሃል። አፍንጫ ብቻ የታፈነ ከሆነ፣ የጨው ውሃ ጠብታ በአፍንጫ፤ ለጉሮሮ መጉመጥመጫ የጨው ውሃና ትኩስ ሻይ። ንፍጡም ማስነጠሱም ትኩሳቱም አንድ ላይ አላስቀምጥ ካሉና ሰውየው ጤነኛ አዋቂ ከሆነ፣ የጉንፋን ክኒኑን ይውሰድ። የፓራሲታሞሉን ስትሪፕ ግን በዚያን ቀን ወደ ሳጥኑ ይመልሰው። ሁለቱን አንድ ላይ አይያዝ።

አክስቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ቤቷ ያሉትም ሁልጊዜ አብረዋት አይውሉም። ስለዚህ ልጇና እኔ አንድ እሑድ ተቀምጠን ቆርቆሮዋን ዘረገፍን። ወፍራም ማርከር ይዘን፣ ፓራሲታሞል ወይም አሴታሚኖፌን ባለበት ማሸጊያ ሁሉ ላይ በትልቁ «ፓ» ጻፍንበት። አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና ዘመዶቻቸው ላይ «አይ» ጻፍን። ከዚያ ሕጉን ነገርናት፤ ፓ ከፓ ጋር አይወሰድም፣ «አይ» ለአንቺ አይሆንም። ከተቆጠሩት ማሸጊያዎች ውስጥ «ፓ» ያረፈባቸው አምስት ሆኑ። እሷ ደግሞ የፓራሲታሞል ክኒን ቤቷ ያለው አንዱ ብቻ ይመስላት ነበር። በመቀስ እየተቆረጡ ስማቸው የጠፋ ስትሪፖችንም አገኘን። ምን እንደሆነ የማይነበብ ክኒን ለማስወገድ ወደ መድኃኒት ቤት ይመለሳል እንጂ በግምት አይዋጥም። ከዚያ ወዲህ ስትሪፕ ሲቆረጥ ስሙ ያለበት ጎን እንዲቀር አድርገን ነው።

ልጆች ላሉበት ቤት ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በልጅ ላይ መድኃኒት የሚደገመው በብዛት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የሽሮፕ ጥንካሬ ነው። የፓራሲታሞል ሽሮፕ በአምስት ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም የያዘ አለ፤ 250 የያዘም አለ። ጠርሙሶቹ ይመሳሰላሉ። ለልጅ የሚሰጠው በክብደቱ ነው፤ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም። 12 ኪሎ የምትመዝን የሁለት ዓመት ልጅ እናስብ። በአንድ ጊዜ የሚበቃት ከ120 እስከ 180 ሚሊ ግራም ነው። ከቀለል ካለው ሽሮፕ አምስት ሚሊ ሊትር ቢሰጣት 120 ታገኛለች፤ ልክ ነው። አያቷ «ባለፈው አንድ መለኪያ ነበር» ብለው ከጠንካራው ያንኑ አምስት ሚሊ ሊትር ቢሰጧት 250 ታገኛለች፤ ከልክ በላይ ነው። ስለዚህ «አንድ ማንኪያ» የሚለው ቋንቋ ለመድኃኒት አይሆንም። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ይነበብ፤ ልጇም ትመዘን፤ የሚለካውም አብሮት በመጣው መለኪያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይሁን፤ የወጥ ቤት ማንኪያ አንዱ ከአንዱ አይተካከልም።

ሁለተኛው መንገድ ሁለት እጅ ነው። እናት ሥራ ከመሄዷ በፊት ትሰጣለች፤ አያት ልጁ ሲግል ያያሉና ከሰዓት በኋላ ይሰጣሉ፤ እናት ስትመለስ ማታ ትደግማለች፤ ሌሊት አባት ይነሳል። ሁሉም ከፍቅር ነው። በፓራሲታሞል መካከል ግን ቢያንስ አራት ሰዓት ማለፍ አለበት፤ በ24 ሰዓትም ከአራት ጊዜ አይበልጥም። ለዚህ መፍትሔው ጠርሙሱ ላይ በላስቲክ የታሰረ ቁራጭ ወረቀት ነው። የሰጠ ሰው ሰዓቱንና መጠኑን ይጽፋል፤ የሚቀጥለው ሰው ወረቀቱን ሳያይ አይሰጥም። የጉንፋን ቅልቅል ሽሮፕ ደግሞ ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሐኪም ሳያዝ አይሰጥም። ትኩሳት ያለበት ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ምንም ሳይሰጠው ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። አስፕሪን ለልጅ ትኩሳት አይሆንም።

ደግመው እንደወሰዱ ወይም እንደሰጡ ያወቁ ቀን፣ መጀመሪያ ፓራሲታሞል ያለበትን ሁሉ አቁሙ። ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ወተትም ሌላም «ማርከሻ» ቤት ውስጥ አትፈልጉ። ከትናንት በዚህ ሰዓት ጀምሮ የተወሰደውን በወረቀት ላይ ጻፉ፤ ስንት ፍሬ፣ በስንት ሰዓት፣ የሰውየው ክብደት ስንት። ከዚያ ማሸጊያዎቹን ራሳቸውን፣ ባዶውንም ጭምር፣ ይዛችሁ ደም መመርመር ወደሚችል ሆስፒታል ሂዱ። ሐኪሙ «ምን ወሰድክ?» ሲል «ያ ነጩ የጉንፋን» ከሚል መልስ ይልቅ ሳጥኑ ብዙ ይነግረዋል። «ደህና ነኝ» ብሎ መቅረት ግን አይገባም፤ ጉበት የሚናገረው ዘግይቶ ነውና።